በምን ሠራሽው?

በወጣት የቪዲዮ ኤዲተሮች የሥራ ማመልከቻ ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ መስመር አለ፦ «ፕሪሚየር ፕሮ፣ አፍተር ኢፌክትስ፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ ፋይናል ከት ፕሮ፣ አቪድ ሚዲያ ኮምፖዘርና ካፕካት በከፍተኛ ደረጃ እችላለሁ።» መስመሩ ያምራል፤ የሚያነበውን ሰው ግን አይጠቅመውም። የጣቢያው የኤዲቲንግ ክፍል ኃላፊ ከእነዚህ ፕሮግራሞች ጋር ዓመታት የኖረ ሰው ነው። ፋይናል ከት ፕሮ የሚሠራው በአፕል ምርቶች ላይ ብቻ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ከሁለት መስመር በታች የአመልካቹ ኮምፒውተር ኤችፒ ላፕቶፕ መሆኑን ሲያነብ፣ «ታዲያ ፋይናል ከትን የት ተማረው?» ይላል። አቪድም ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚለምደው ዓይነት ፕሮግራም አይደለም፤ በብዛት የሚገኘው ትልልቅ ጣቢያዎችና የፊልም ድርጅቶች ዘንድ ነው። ኃላፊው አንዴ ጥርጣሬ ከገባው እውነት የሆኑትንም መስመሮች በዚያው ዓይን ማየት ይጀምራል።

እሱ ከደብዳቤው የሚፈልገው መልስ በጣም ተራ ነው። ይህችን ልጅ ሰኞ ጠዋት የትኛው ኮምፒውተር ላይ ላስቀምጣት? የሠራችው ነገር ብዙ ሳይታረም አየር ላይ ሊውል ይችላል? ብትታመም የጀመረችውን ሥራ ሌላ ሰው ከፍቶ ሊቀጥለው ይችላል? በጣቢያ ውስጥ አንድ ዝግጅት በአንድ ሰው እጅ ተጀምሮ አያልቅም። ካሜራማኑ ያመጣውን ቀረጻ አንዱ ወደ ጋራ ማከማቻው ያስገባዋል፤ ኤዲተሩ ይቆርጠዋል፤ የድምፅ ባለሙያው ያስተካክለዋል፤ ግራፊክስ ክፍሉ ስምና ማዕረግ ይጽፍበታል፤ ጥራት የሚቆጣጠረው ሰው አይቶ ያሳልፈዋል፤ በመጨረሻ የስርጭት ክፍሉ ያስተላልፈዋል። ኤዲተሩ የተጠቀመበት መሣሪያ ከእሱ በኋላ የሚቀበሉትን ሁሉ ይነካል። «በምን ሠራሽው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ደብዳቤውም ሳይጠየቅ ቢመልሰው ጥሩ ነው።

ነገሩ በተግባር እንዲታይ አንዲት አመልካች እናስብ። ሐዋሳ የምትኖር የ24 ዓመት ወጣት ናት እንበል። ሁለት ዓመት በአንድ የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ ሠርታለች። እዚያ የምትጠቀመው በፕሪሚየር ፕሮ ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን ላይሰንስ የለውም፣ ሰው እንደሚለው «ክራክ» ነው። ከስቱዲዮው ከወጣች ወዲህ በራሷ ላፕቶፕ ነጻውን ዳቪንቺ ሪዞልቭ ትጠቀማለች። አጫጭር ነገሮችን ስልኳ ላይ በካፕካት ትሠራለች። የምትኮራበት ሥራዋ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ያዘጋጀችው የ9 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ሙሉ በሙሉ የተቀረጸው በስልክ ነው። አቪድን በዩቲዩብ ካየችው በቀር ነክታው አታውቅም። እነዚህን ሁሉ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ላይ እንዴት ትጻፋቸው?

ከፊልሙ እንጀምር፤ በስልክ መቀረጹን መናገር ብዙ ወጣቶችን ያሳፍራቸዋልና። ስልክ መሆኑ በራሱ ነውር የለውም። ኃላፊውን የሚያሳስበው ስልክ በየሰከንዱ የሚቀርጻቸው ምስሎች ቁጥር አለመጽናቱ ነው። ቪዲዮ ማለት በፍጥነት የሚከታተሉ ቋሚ ምስሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። የጣቢያ ካሜራ በሰከንድ 25 ፍሬም ከተባለ 25 ነው። ስልክ ግን 30 ተብሎ ቢሞላም ብርሃን ሲያንሰው ወይም ሥራ ሲበዛበት ቁጥሩን ዝቅ ያደርግና መልሶ ከፍ ያደርገዋል።

የዓሣ አጥማጁን ቃለ መጠይቅ እንውሰድ። ርዝመቱ 10 ደቂቃ ነው፤ ስልኩ በአማካይ በሰከንድ 29.8 ፍሬም ቀርጿል እንበል። 10 ደቂቃ 600 ሰከንድ ስለሆነ በጠቅላላው 17,880 ፍሬም አለ ማለት ነው። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ፋይሉን «ይህ የ30 ነው» ብሎ ከተቀበለው እነዚያን ፍሬሞች በ596 ሰከንድ ይጨርሳቸዋል። ድምፁ ግን 600 ሰከንድ እንደሆነ ቀርቷል። ስለዚህ ከንፈርና ቃል መጀመሪያ ላይ ተስማምተው ይነሡና ቀስ በቀስ ይለያያሉ፤ መጨረሻው ላይ ሰውየው አፉን ከዘጋ ከ4 ሰከንድ በኋላ ድምፁ ይሰማል። የዚህ ችግር መለያው ልዩነቱ እያደገ መሄዱ ነው። ልዩነቱ ከመነሻው እስከ መድረሻው እኩል ከሆነ ድምፁ ታይምላይኑ ላይ ያለቦታው ተቀምጧል ማለት ነው፤ ትንሽ ገፋ ማድረግ ይበቃዋል። እያደገ ከሄደ ግን ጥፋቱ የፍሬም ቁጥሩ ነውና መታረም ያለበት መቁረጥ ሳይጀመር ነው። ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ `Constant Framerate` የሚለውን መርጦ እንደገና ማውጣት ነው። አንዳንድ የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ይህን በራሳቸው ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካላቸውም።

ሁለተኛው ጉዳይ 30 የሚለው ቁጥር ራሱ ነው። እኛ አገር ቴሌቪዥን የሚሄደው በሰከንድ በ25 ፍሬም ነው። ቁጥሩ ቴሌቪዥን ሲጀመር ከኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ፣ ከ50 ኸርዝ፣ በግማሽ ተወስዶ የመጣ ነው፤ ኤሌክትሪካቸው 60 ኸርዝ የሆነው እንደ አሜሪካ ያሉት አገሮች 30ን ያዙ። በ30 የተቀረጸ ነገር ወደ 25 ሲለወጥ በተለመደው መንገድ ከየሰከንዱ አምስት ፍሬም ይጣላል። ተቀምጦ በሚናገር ሰው ላይ ይህን ማንም አያስተውለውም። ጀልባ ከግራ ወደ ቀኝ ሐይቁን ስታቋርጥ ግን ጉዞዋ ይንቀጠቀጣል፤ ልምድ ያለው ዓይንም መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያች ጀልባ ነው። አመልካቿ ይህን ቀድማ ከጻፈችው ኃላፊው ጉድለቱን ከእሷ ጋር ሆኖ ያየዋል፤ ካልጻፈችው «አታየውም» ብሎ ይደመድማል። ለአንድ ኤዲተር «አታይም» ከመባል የሚብስ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ከስልኩ ይበልጥ በኤዲቲንግ ክፍሎች ሰው የሚያስመርረው ፎንት ነው። ይህ የእኛ የፊደል ተጠቃሚዎች ጣጣ ስለሆነ በውጭ አገር በተጻፉ የሥራ ማመልከቻ ምክሮች ውስጥ አይገኝም። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ይዘው ነበር የሚሠሩት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ምልክት ነው፤ ፎንቱ ደግሞ በዚያ ምልክት ላይ የአማርኛ ፊደል ይስልበታል። ሰርግና መዝሙር የሚሠሩ ስቱዲዮዎች ቅርጻቸውን ስለሚወዱት እስከ ዛሬ ይገለገሉባቸዋል።

አለቀለት ተብሎ የወጣ ቪዲዮ ላይ ችግር የለም፤ ጽሑፉ ምስል ሆኖ ተቀርጿልና። ችግሩ የሚመጣው ፕሮጀክቱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ነው። የዓሣ አጥማጁ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቷል እንበል፤ ዜናው ሊሄድ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፤ ተረኛው ኤዲተር ፕሮጀክቱን ይከፍታል፤ በስሙ ቦታ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የነጥብ ክምር ያያል። ያ ፎንት እዚያ ኮምፒውተር ላይ የለምና። በዩኒኮድ የተጻፈ ቢሆን ፎንቱ ባይኖር እንኳ ኮምፒውተሩ ሌላ የግዕዝ ፎንት ይተካለታል፤ መልኩ ይለወጥ እንጂ ስሙ ይነበባል፣ ይታረማልም። አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ የሚገኙ፣ ለንግድ ሥራም ቢሆን ክፍያ የማይጠየቅባቸው የዩኒኮድ ፎንቶች ናቸው። ስለዚህ አመልካቿ «የአማርኛ ጽሑፉን የሠራሁት በዩኒኮድ ፎንት ነው፤ ፎንቱ ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ ተቀምጧል» ብላ አንድ መስመር ብትጽፍ፣ አማርኛ ቴሌቪዥን ውስጥ ለሚሠራ ኃላፊ ከስድስት የፕሮግራም ስም ይበልጥበታል። የድሮ ፎንት ተጠቅማ ከሆነም ያንኑ ትጻፈው፤ ኃላፊው ፕሮጀክቱን ከመክፈቱ በፊት ይወቀው።

ከሁሉ የሚከብደው የክራኩ ነገር ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ቆጥሮታል። ኑሮው ደግሞ የታወቀ ነው። ፕሪሚየርን በሕጋዊ መንገድ ለመጠቀም በየወሩ ወይም በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ፣ በዓለም አቀፍ ካርድ መክፈል ያስፈልጋል፤ በብር ደመወዝ የምትተዳደር የሰርግ ኤዲተር ያን ካርድ ከየት ታምጣው? በዚህ ምክንያት ብዙ ልጆች ሙያውን የተማሩት የእነሱ ባልሆነ ፕሮግራም ነው። ይህን እውነት ደብዳቤ ላይ ለማስፈር ሁለት የተሳሳቱ መንገዶች አሉ። አንደኛው የሌለ ላይሰንስ እንዳለ አስመስሎ «ፕሪሚየር አለኝ» ማለት ነው። ሁለተኛው እውነተኛ ለመሆን ሲሉ የቀድሞ አሠሪን በማመልከቻ ላይ መክሰስ ነው። የሥራ ማመልከቻ የክስ ቦታ አይደለም፤ ሰው ያስተማረውን ቤት እንዲህ ሲያነሣ ማንበብም ደስ አይልም።

እኔ ትክክል ነው የምለው አጻጻፍ ይህ ነው፦ «ፕሪሚየርን የተማርኩትና ሁለት ዓመት የሠራሁበት በስቱዲዮው ኮምፒውተር ላይ ነው። የራሴ ላይሰንስ የለኝም። በግሌ የምጠቀመው ነጻውን ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው።» ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፤ ማንንም አይወነጅሉም። በቃለ መጠይቅ ላይ «የስቱዲዮው ላይሰንስ ነበረው?» ብለው ከጠየቋት «አልነበረውም» ትበል። ጣቢያው ይህን የሚጠይቀው ሊፈርድባት ላይሆን ይችላል። የተሰበሩ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዘው ይመጣሉ፤ የጣቢያ ኮምፒውተሮች ደግሞ በአንድ የጋራ ማከማቻ የተያያዙ ናቸው። «ይቺን ፕለጊን በፍላሽ ላምጣት» የሚል ልማድ ያላት ኤዲተር በአንድ ከሰዓት የመላው ጣቢያን ቀረጻ ለአደጋ ልታጋልጥ ትችላለች። ኃላፊው ሊሰማ የሚፈልገው ያ ልማድ ከእሷ ጋር እንዳልመጣ ነው።

ነጻው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ብዙዎች እንደሚያስቡት የሙከራ ቅጂ አይደለም። ለገቢ ሥራም ቢሆን ያለ ክፍያ መጠቀም ይፈቀዳል። የሚያወጣው ምስል እስከ አልትራ ኤችዲ ይደርሳል፤ ለአንድ የ9 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ይህ ከበቂ በላይ ነው። የሚጎድሉት እንደ ምስል ጥርት ማድረጊያው ያሉ የሚከፈልባቸው መሣሪያዎች ናቸው፤ እነሱን ነጻው ላይ ለመጠቀም የሞከረ ሰው ምስሉ ላይ ምልክት ይታተምበታል። ስለዚህ የዓሣ ገበያው የምሽት ቀረጻ እህል እህል የሚል ከሆነ ምክንያቱን መጻፍ ይቻላል። የፕሮግራሙን ዕትም ቁጥርም መጥቀስ ያስፈልጋል፤ በአዲስ ዕትም የተሠራ ፕሮጀክት በአሮጌ ዕትም አይከፈትም፤ ጣቢያዎችም ዕትም ለመቀየር አይቸኩሉም።

ስለ ቴምፕሌት አጭር ነገር ልበል። የፊልሙ መግቢያ ላይ ውሃ ውስጥ እየተንሳፈፈ የሚመጣው ርዕስ ከኢንተርኔት የወረደ ቴምፕሌት ከሆነና አመልካቿ ካልተናገረች፣ ኃላፊው የእሷ ሥራ አድርጎ ይወስደዋል። ከተቀጠረች በኋላ «ለእንቁጣጣሽ ዝግጅት እንደዚያች ያለች መግቢያ ሥሪልን» ይሏታል፤ ያን ጊዜ ነው ጭንቀቱ። ከካፕካት የተወሰደ ሙዚቃም እንዲሁ ነው፦ ስልክ ላይ ተጭኖ ለመለቀቅ የተፈቀደ ሙዚቃ በቴሌቪዥን እንዲተላለፍ ተፈቅዷል ማለት ስላልሆነ፣ የትኛው ሙዚቃ ከየት እንደመጣ ካልተጻፈ ፊልሙ ጥሩ ሆኖ እንኳ አየር ላይ ሊውል አይችልም።

ይህን ሁሉ የሚያነብ ወጣት «የማልችለውን ብቻ ዘርዝሬ ማን ይቀጥረኛል?» ሊል ይችላል፤ ፍርሃቱ ይገባኛል። ነገር ግን መሣሪያው በሁለት አንቀጽ በግልጽ ሲነገር የቀረው ቦታ ለዋናው ሙያ ይተርፋል፤ ዋናው ሙያ ደግሞ ምርጫ ነው። ከብዙ ቀረጻ መካከል የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይቅደም፣ ምስሉ የት ይቆረጥ፣ ድምፁ የት ይግባ የሚለው ነው። አመልካቿ በፊልሟ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ የገበያውን የዋጋ ክርክር ምስሉ ከመምጣቱ በፊት አስገብታዋለች እንበል። ተመልካቹ ገና ጸጥ ያለውን ሐይቅ እያየ የሻጮችን ጩኸት ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ነው ገበያው የሚታየው። በሙያው ቋንቋ ጄ ከት ይባላል። በካፕካትም በአቪድም ይሠራል። ይህን የመረጠችበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ከጻፈችና ሰዓቱን ከጠቀሰች፣ ኃላፊው ቪዲዮውን ከፍቶ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል።

አቪድን አለማወቋም ቢሆን እንደምትፈራው ትልቅ ጉድለት አይደለም። በፕሪሚየርም በሪዞልቭም በአቪድም ቀረጻን ወደ ኋላ ለማስኬድ J፣ ለማቆም K፣ ወደ ፊት ለማስኬድ L ነው የሚነካው፤ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ለመለየት I እና O ነው። እጇ የለመደው አብሯት ይሻገራል። አዲስ የሚሆንባት የጋራ አሠራሩ ነው። አቪድ ላይ ቀረጻዎች የሚቀመጡባቸው ቢን የሚባሉ ማኅደሮች አሉ፤ በጋራ ማከማቻ ላይ አንዱን ቢን አንድ ሰው ከያዘው ሌሎቹ ያዩታል እንጂ አይለውጡበትም። ብቻዋን ለሠራች ልጅ ይህ ሥነ ሥርዓት እንግዳ ነው፤ በቀናት ግን ይለመዳል።

የታወቀው አሜሪካዊ ኤዲተር ዋልተር መርች እ.ኤ.አ. በ2003 ለወጣው «ኮልድ ማውንቴን» ለተባለው ትልቅ ፊልም የዚያን ጊዜ የሆሊውድ ልማድ የነበረውን አቪድን ትቶ በዋጋ በጣም የሚረክሰውን ፋይናል ከት ፕሮን መረጠ። ፊልሙ በኤዲቲንግ ለኦስካር ታጭቷል። ከታሪኩ ለእኛ አመልካች የሚጠቅመው ክፍል ግን እጩነቱ አይደለም። መርችና ረዳቱ ሥራውን ሲጀምሩ ያስጨነቃቸው ጥያቄ ይህ ፕሮግራም የቆረጥነውን ለድምፅ ክፍሉ በትክክል ያስተላልፍልናል ወይ የሚል ነበር። መሣሪያውን በግልጽ ተናግረው፣ ችግሩ የት ሊመጣ እንደሚችል ቀድመው ፈትሸው ገቡ።

የሐዋሳዋ ወጣት ደብዳቤ እንግዲህ እንዲህ ቢጻፍ እወዳለሁ፦

«ለኤዲቲንግ ክፍል፤

ጉዳዩ፦ ለቪዲዮ ኤዲተር ክፍት የሥራ ቦታ ማመልከትን ይመለከታል

ባወጣችሁት ክፍት የሥራ ቦታ ለመወዳደር አመልክቻለሁ። ሁለት ዓመት በሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ በኤዲተርነት ሠርቻለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በግሌ አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞችን እሠራለሁ። ከማመልከቻዬ ጋር በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ የሠራሁትን የ9 ደቂቃ ፊልም አያይዣለሁ።

ፊልሙን የቀረጽኩት በስልክ በሰከንድ በ30 ፍሬም ነው። ከመቁረጤ በፊት ሁሉንም ወደ ቋሚ ፍሬም ለውጬ በ25 አውጥቼዋለሁ። በሁለተኛው ደቂቃ በጀልባዋ ላይ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኬን በ25 ሞልቼ እቀርጻለሁ። ያቀናበርኩት በነጻው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው። አማርኛው የተጻፈው በአቢሲኒካ ኤስአይኤል ሲሆን ፎንቱን ከፕሮጀክቱ ጋር አስቀምጫለሁ። የመግቢያው ርዕስ ቴምፕሌት ነው፤ የኔ ጽሑፉና የቆይታ ጊዜው ብቻ ነው። የመጨረሻው ሙዚቃ ከካፕካት የተወሰደ ስለሆነ ለስርጭት አይሆንም፤ ያለ ሙዚቃ የወጣ ሌላ ቅጂ አለኝ።

ፕሪሚየር ፕሮን ሁለት ዓመት በስቱዲዮው ኮምፒውተር ላይ ሠርቼበታለሁ፤ የራሴ ላይሰንስ የለኝም። አቪድን አልሠራሁበትም። የቴሌቪዥን የድምፅ ልክንም በሥራ ላይ የምማረው ይሆናል፤ እስካሁን ያስተካከልኩት ለስልክና ለዩቲዩብ ነው።

በ3ኛው ደቂቃ ከ20ኛው ሰከንድ ጀምሮ ያለውን እንድትመለከቱልኝ እጠይቃለሁ። የገበያውን ድምፅ ሐይቁ ላይ ያስገባሁት፣ ዓሣው ገና ከውሃ ሳይወጣ ዋጋው መነጋገሪያ እንደሚሆን ዓሣ አጥማጁ ስለነገረኝ ነው። ያን ቦታ ሦስት ጊዜ ቀይሬዋለሁ፤ ሦስቱንም ማሳየት እችላለሁ።

ለተግባር ፈተና በምትጠሩኝ ቀን እገኛለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር»

ከአንድ ገጽ አያልፍም። ስለ ድምፅ የተጻፈችውን አጭር ዓረፍተ ነገር ግን ላብራራ። ብዙ ጣቢያዎች የሚከተሉት የአውሮፓ የስርጭት ኅብረት ደንብ፣ አር 128 የሚባለው፣ የአንድ ዝግጅት አማካይ የድምፅ ጉልበት በ−23 ኤልዩኤፍኤስ እንዲሆን ያዛል። ለኢንተርኔት የሚሠሩ ሰዎች ወደ −14 ይጠጋሉ፤ ዘጠኝ ዴሲቤል የሚያህል ልዩነት ነው። ከዜና ወደ እሷ ፊልም የሚያልፍ ተመልካች ድምፅ ለመቀነስ ሪሞቱን ይፈልጋል ማለት ነው። ልኩን አለማወቅ በአንድ ቀን የሚስተካከል ነገር ነው። ሳይነገር አየር ላይ ሲደርስ ግን ስልክ የሚደወለው ለእሷ ሳይሆን ለስርጭት ክፍሉ ነው።

ለተግባር ፈተናው ስትሄድ ይዛው የምትሄደው ዲስክ ከደብዳቤው ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። አለቀለት የተባለው ቪዲዮ፣ ፕሮጀክቱ፣ ፎንቱ፣ ዋናው ቀረጻ፣ ሁሉም በአንድ ማኅደር ውስጥ መሆን ይገባቸዋል። ዋናው ቀረጻ ቤት ከቀረ ፕሮጀክቱ ሲከፈት በምስሎቹ ቦታ ቀይ ገጽና `Media Offline` የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ፈታኙም የሚያየው ነገር አይኖረውም። ከቤት ከመውጣቷ በፊት ዲስኩን በጓደኛዋ ኮምፒውተር ከፍታ ብትሞክረው ይህን ታውቀዋለች። በራሷ ላፕቶፕ መሞከር አይበቃም፤ ፕሮግራሙ ፋይሎቹን ከላፕቶፑ ውስጥ ስለሚያገኛቸው ሁሉም ደህና ይመስላታል።

ለጣቢያዎቹም የምለው አለኝ። የቅጥር ማስታወቂያው «የኤዲቲንግ ሶፍትዌሮችን በሚገባ የሚችል» ብቻ ብሎ ሲወጣ ልጆቹ የሚያውቁትንም የማያውቁትንም ይዘረዝራሉ፤ ምን እንደሚጠበቅባቸው አልተነገራቸውምና። የምትሠሩበትን ፕሮግራም ከነዕትሙ፣ የፍሬም ቁጥሩን፣ የድምፁን ልክ፣ የምትጠቀሙበትን የአማርኛ ፎንት በአራት መስመር ጻፉት። ሐዋሳም ጎንደርም ድሬዳዋም ያለ ኤዲተር ከማመልከቱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የጎደለውን እቤቱ ይለማመደዋል፤ ያልደረሰበትንም ለይቶ ይጽፍላችኋል።